28 ጆንያ ሩዝ፣ 1,522 ብር ትርፍ? የአንድ ክረምት ሒሳብ ከፎገራ

አጎቴ ግንቦት ላይ ደወሉልኝ። «መሬቱን ላከራየው ነው» አሉኝ። «ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሜ 1,522 ብር ነው ያተረፍኩት። ጎረቤቴ ለአንድ ቃዳ 9,000 ብር እሰጣለሁ ብሎኛል። ሁለቱን ቃዳ ብሰጠው 18,000 ነው። ቁጭ ብዬ።»

እኔ ባሕር ዳር በሒሳብ ሥራ ነው የምኖረው። 1,522 የሚለው ቁጥር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ክብ አይደለም፣ በግምት የሚባል ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው ደምሮ ቀንሶ ያገኘው ነው። «ማን ነው ያሰላው?» ብዬ ጠየቅኩ። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ናት። ክረምቱን ሙሉ በደብተር ስትጽፍ ነበር። «እስካይ ድረስ አይስጡት» አልኳቸውና ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ።

ወረታ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአጎቴ ማሳ ከዚያ ወደ ጣና የሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ድሮ ይህ ሜዳ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ ዛሬ ሩዝ ነው። ሩዙ ለገበያ ብቻ አይደለም። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ሒሳቡ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

የአጎቴ ሩዝ ሁለት ቃዳ ነው፣ ግማሽ ሔክታር ማለት ነው። ዘሩ እዚያ አገር ሁሉም የሚያውቀው ኤክስ ጅግና ነው። ሰኔ ላይ ተዘራ፣ ሐምሌና ነሐሴ ታረመ፣ ኅዳር ላይ ታጨደ።

ደብተሩን አየሁት። ልጅቷን ማመስገን ያስፈልጋል። አራሚዎቹን በስም ጽፋ በየቀኑ ምልክት አድርጋለች። ወጪ በግራ፣ ገቢ በቀኝ። የግራው ገጽ እንዲህ ይላል፦

ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ከነጋሪ ክፍያው — 7,800
አራሚና አጫጅ — 12,200
ማዳበሪያ 15 — 750
ጌሾ — 300
የሩዝ መፈልፈያ — 1,620
ብድር የተመለሰ — 9,000

ድምሩ 31,670 ነው። በቀኝ በኩል ሁለት ሽያጭ ብቻ አለ። ታኅሣሥ ላይ 16,560፣ ሚያዝያ ላይ 16,632፣ አንድ ላይ 33,192። ሲቀናነስ 1,522። ድምሩ ትክክል ነው፣ አንድ ብር አልተሳሳተችም።

በመጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ማዳበሪያ 15 — 750» የሚለው ላይ ነው። ዩሪያው ከላይ ተጽፏል፣ ይሄ ደግሞ የምን ማዳበሪያ ነው? አሥራ አምስት ኪሎ ይሆን? ልጅቷ ሳቀች። ጆንያ ነው። እኛ አገር ማዳበሪያ የመጣበትንም ከረጢት ማዳበሪያ ነው የምንለው። አሥራ አምስት ባዶ ከረጢት፣ አንዱ በ50 ብር። ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ የማዳበሪያ ወጪ ላይ ይደምረው ነበር። እስክሪብቶ አውጥቼ አጠገቡ «ባዶ ጆንያ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ የጠየቅኩት ስለ ብር አልነበረም። «ከአውድማ ስንት ጆንያ ገባ?» አልኳቸው። እርሻን በሒሳብ ስመረምር ሁሌም ከእህሉ ነው የምጀምረው። ብር ይረሳል፣ ይበደራል፣ ከኪስ ኪስ ይዘዋወራል። ጆንያ ግን ወይ ጎተራ አለ፣ ወይ የሆነ ቦታ ሄዷል።

«28 ኩንታል» አሉ አጎቴ።

«የተሸጠው 14 ጆንያ ነው። ሌላው 14 የት ሄደ?»

ዝም አሉ። የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፣ እትዬ። ስምንቱ ተፈልፍሎ ቤት ውስጥ ተበላ። አንዱ ለዘር ተቀምጧል። አምስቱ እዚያ ጓዳ ቆሟል። ሄጄ ቆጠርኩት፣ አምስት። 14፣ 8፣ 1 እና 5፣ ሃያ ስምንት። አንድም አልጎደለም። ግማሹ ምርት ግን ደብተሩ ውስጥ ጨርሶ የለም። ወጪው የሃያ ስምንቱም ጆንያ ነው፣ ገቢው የአሥራ አራቱ ብቻ። 1,522 የመጣው በዋናነት ከዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን «28 ኩንታል» የሚለውን ማጥራት ነበረብኝ። የታኅሣሡን ሽያጭ ልጅቷ በኪሎ ጽፋዋለች፦ ስምንት ጆንያ፣ 552 ኪሎ፣ በ30 ብር። ለስምንት ሲካፈል 69 ኪሎ ነው። ስንዴ ሲሞላ መቶ ኪሎ የሚይዝ ከረጢት ያልተፈለፈለ ሩዝ ሲሞላ መቶ አይደርስም። ሩዙ ገለባውን እንደለበሰ ነው፣ ቀላልና ክፍት ክፍት ነው። ስለዚህ የአጎቴ ምርት 28 ኩንታል ሳይሆን 28 በ69፣ ማለትም 1,932 ኪሎ ነው። ከ19 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። ለግብርና ባለሙያው ግን «28 ኩንታል» ብለው አስመዝግበዋል። በሔክታር 56 ኩንታል መሆኑ ነው፣ እውነቱ ግን ከ39 አይበልጥም። አጎቴ አልዋሹም። ጆንያን ኩንታል ማለት ልማድ ነው። ልማዱ ግን ለሒሳብ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሚዛን ላይ የሚከፍለው ነጋዴ ጆንያ አይቆጥርም።

የሚያዝያው ሽያጭ ስድስት ጆንያ ነው፣ 396 ኪሎ፣ በ42 ብር። አንዱ 66 ኪሎ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ እያንዳንዱ ጆንያ ሦስት ኪሎ ቀነሰ። ደርቋል፣ አይጥም የድርሻዋን ወስዳለች። ይህንን ልብ ይሏል።

አሁን ዋጋ መስጠት መጣ፣ ጭቅጭቁም እዚሁ ላይ ነው የተነሳው። የተበላውን ስምንት ጆንያ ገቢ ላይ ልጽፍ ስል አጎቴ ተቃወሙ።

«የበላነውን ደግሞ እንዴት ሽያጭ ትለዋለህ? ማን ከፈለኝ?»

እትዬ ቀደሙኝ። «ባይኖር ኖሮ ማን ነበር ገበያ ወጥቶ የሚገዛው? እርስዎ?»

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ማሳው ለቤቱ ሸጠለት ማለት ነው፣ ብሩ ባይታይም። ክርክሩ በስንት ብር የሚለው ነው። ሚያዝያ ላይ 42 ነበር፣ እኔ በሄድኩበት ሳምንት 45 ገብቷል። በ45 ብናስላው ቁጥሩ ያምራል። እኔ ግን ምርቱን በሙሉ፣ የተሸጠውንም የተበላውንም የቆመውንም፣ አውድማው ላይ በነበረው በ30 ብር ነው ያሰላሁት። እርሻው የሠራው እስከ አውድማ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋ የጨመረው ሩዙ ስለቆየ ነው፤ ያ የጎተራ ትርፍ ነው፣ የማሳ አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ከደባለቅናቸው «ሩዝ መዝራት ያዋጣል ወይ» እና «መቼ ልሽጥ» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይምታታሉ። አጎቴን የጨነቃቸው የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ 1,932 ኪሎ በ30 ብር፣ 57,960 ብር።

ሌላ ገቢ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ እንደገና እትዬ ሳል ሳል አሉ። አንዱ የገለባ ክምር በ2,500 ተሸጧል። ብሩ እሳቸው እጅ ስለገባ ደብተር አላየውም። ሌላውን ክምር በሬዎቹ በልተውታል። እሱን ገቢ ላይ አልጻፍኩትም። የበሬዎቹን የእርሻ ሥራም ወጪ ላይ አልጻፍኩም። በሬው ገለባውን በላ፣ መሬቱን አረሰ፤ እርስ በርሳቸው ይካካሱ ብዬ ተውኳቸው። ፍጹም አይደለም፣ ግን ለሁለት ቃዳ ከዚህ በላይ መራቀቅ ወረቀት ማባከን ነው። ጠቅላላ ገቢው 60,460 ሆነ።

ወደ ወጪው ስንመለስ ትልቁ ስህተት ብድሩ ነው። አጎቴ ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ሊገዙ ከአንድ ሰው 8,000 ተበደሩ፣ ታኅሣሥ ላይ 9,000 መለሱ። ልጅቷ የማዳበሪያውን 7,800 ወጪ ብላ ጻፈች። ብድሩ ሲመለስም 9,000 ወጪ ብላ ጻፈች። ያው ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው። ተበድረው ሲቀበሉ ገቢ ብላ አልጻፈችውም፣ ልክ ነች፤ ሲመልሱ ግን ወጪ ሆነባት። የብድር ዋናው ገንዘብ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ወጪ የሚሆነው ወለዱ፣ 1,000 ብር ብቻ ነው። ይህ አንድ እርማት ብቻውን ስምንት ሺህ ብር ይመልሳል።

ሁለተኛው ማዳበሪያው ራሱ ነው። የተገዛው አንድ ኩንታል ዩሪያ በ3,700 እና አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ በ3,900 ነው፣ ለጋሪ 200። «ሁሉም ሩዙ ላይ ገባ?» ስላቸው አጎቴ ወደ ዳጉሳው ማሳ በእጃቸው አመለከቱ። ሩዙ ላይ የገባው ግማሽ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ነው፣ ሲዘራ። ዩሪያው 75 ኪሎ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ከአረም በኋላ የተበተነ። የቀረው ለዳጉሳው ሄዷል። ስለዚህ ሩዙ የሚሸከመው ከዩሪያው 2,775፣ ከኤን ፒ ኤሱ 1,950፣ ከጋሪው 125፣ በድምሩ 4,850 ነው። ዳጉሳው በነጻ ሲያድግ፣ ሩዙ ደግሞ የወንድሙን ዕዳ ሲከፍል ነበር የከረመው።

መፈልፈያውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። 540 ኪሎ፣ በኪሎ ሦስት ብር፣ 1,620። የተበላውን ሩዝ ሳይፈለፈል ባለው ዋጋ ገቢ ካልነው፣ መፈልፈያው የማዕድ ቤት ወጪ ነው። በተፈለፈለ ዋጋ ብናሰላው ደግሞ መፈልፈያው ይገባል። ገቢውን ሳይፈለፈል፣ ወጪውን ተፈልፍሎ ማድረግ ግን አይቻልም።

የጌሾው ነገር ትንሽ አሳቀን። 300 ብር ለማን ጠላ? ለአራሚዎቹ ነው አሉ አጎቴ። እትዬ ደግሞ ግማሹ ለማኅበር ነው አሉ። ስንከራከርበት ሌላ ትልቅ ነገር ወጣ፦ የሠራተኛው ምግብ። አራሚው 250 ብር ይቀበላል፣ አጫጁ 300፣ ከዚያ በላይ ግን ቁርስና ምሳ ይበላል፣ ጠላ ይጠጣል። እህሉ ከጎተራ፣ ሽሮው ከቤት ስለሆነ ደብተሩ ላይ ምንም የለም። ከእትዬ ጋር አሰላነው። አሥር አራሚ ሲውል የሚሄደው እንጀራ፣ ወጥና ጠላ በገበያ ዋጋ ወደ 600 ብር ነው፣ ለአንድ ሰው 60። ልጅቷ ስም በስም ምልክት ስላደረገች ቀኑን ማወቅ ቀላል ነበር፦ የመጀመሪያ አረም 20 ሰው፣ ሁለተኛው 12፣ አጨዳ 14። በድምሩ 46 የሰው ቀን። ምግቡ 2,760 ብር። ጌሾውን እዚህ ውስጥ አስገብቼ ለብቻው የተጻፈውን ሰረዝኩት።

ዘሩም አልተጻፈም። 70 ኪሎ ከራሳቸው ጎተራ ስለወጣ «አልገዛሁትም» አሉ። ግን በዘሩበት ሳምንት ገበያ ቢወስዱት 40 ብር ያወጣ ነበር። 2,800 ብር ወጪ ነው። እዚህ ላይ የሰኔን ዋጋ የያዝኩት ዘሩ ከእጃቸው የወጣው ሰኔ ላይ ስለሆነ ነው።

አዲሱ የወጪ ዝርዝር እንግዲህ ዘር 2,800፣ ማዳበሪያ 4,850፣ አራሚና አጫጅ 12,200፣ ምግብ 2,760፣ ጆንያ 750፣ ወለድ 1,000 ነው። 24,360። ጆንያው ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል፣ ወለዱም በከፊል የዳጉሳው ነው፤ ግን ብሩ ትንሽ ስለሆነ እንዳለ ተውኩት።

60,460 ሲቀነስ 24,360፣ 36,100 ብር።

አጎቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «ታዲያ ብሩ የት አለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ብሩ በልጆች ሆድ ገብቷል፣ ጓዳ ቆሟል፣ ከዳጉሳው ሥር ተበትኗል፣ ብድር ከፍሏል። ኪስ ውስጥ የቀረው እና የተተረፈው አንድ አይደሉም። በዚህ ቤት ደግሞ በጣም ይራራቃሉ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። 36,100 ከ18,000 ይበልጣል፣ አያከራዩ ብዬ ሚኒባሴን መያዝ። ግን ያ ትክክል አይሆንም። ጎረቤቱ 18,000 የሚሰጠው አጎቴ እጃቸውን አጣጥፈው ነው። 36,100 የመጣው ግን አጎቴ፣ እትዬና ልጆቹ ሠርተው ነው። የእነሱ ድካም ገና አልተቆጠረም።

የቤተሰብን የሥራ ቀን ማስታወስ ይከብዳል። «ስንት ቀን አረሳችሁ?» ብትል «ብዙ» ነው መልሱ። በበዓላት ሲጠየቅ ግን ይወጣል። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ስንት ቀን? ከዚያ እስከ ቡሄ ማን ማን አረመ? በዓል የሚከበርበትን ቀን እየቀነስን፣ የልጅቷን ከትምህርት በኋላ የሠራችውን ግማሽ ቀን እያልን ሄድን። እርሻ 10፣ ዘር 2፣ አረም 18፣ አጨዳ 6፣ ማጓጓዝና ውቂያ 14። ለውቂያው ደግሞ ስድስት ሰው በወንፈል መጥቷል። ወንፈል ነጻ አይደለም፣ አጎቴና ልጃቸው ስድስት ቀን ሄደው መልሰዋል። ይጨመራል። 56 ቀን።

ይህንን እንደ ወጪ ከመቀነስ ይልቅ ገልብጬ ነው የጠየቅኩት። ከ36,100 ላይ መሬቱ ቢከራይ የሚያመጣውን 18,000 ስናነሳ 18,100 ይቀራል። ለ56 ቀን ሲካፈል በቀን 323 ብር ገደማ ነው። አራሚያቸው 250 እና ምሳ ነው ያገኘው። አጎቴ እንግዲህ በራሳቸው ማሳ ከቀጠሩት አራሚ በጥቂት በሚበልጥ ክፍያ ነው የሠሩት።

አጎቴ ይህን ቁጥር ከሌላው ሁሉ በላይ ወደዱት። «323 መጥፎ አይደለም» አሉ። ግን ቀጭን ነው። የቤተሰቡን ቀን በ250 ብንቆጥረው 14,000 ይሆናል፤ ከ18,100 ላይ ሲነሳ 4,100 ይቀራል። ይህ ሁሉ ትርፍ በ30 ብር 137 ኪሎ ሩዝ ነው። ሁለት ጆንያ። ጉማራ አንድ ጥግ ወስዶ ሁለት ጆንያ ቢያጎድል፣ ወይም ታኅሣሥ ላይ ዋጋው 28 ቢሆን፣ ማከራየቱና ማረሱ እኩል ይሆናሉ።

በሌላ በኩል 250ውን ሁሉም ቀን ላይ መለጠፍም አያስኬድም። ሐምሌ ላይ አጎቴ ለሌላ ሰው ቢያርሙ በርግጥ 250 ያገኛሉ፣ አራሚ ይፈለጋል። ግንቦት ላይ ግን ማን ይቀጥራቸዋል? የእርሻው 10 ቀን ሌላ ቦታ ምንም አያመጣም ነበር። መሬቱን ቢያከራዩ ደግሞ የሚበላውን ስምንት ጆንያ ሊገዙ ነው፣ ያውም በ30 ብር ሳይሆን በየወሩ በሚያገኙት ዋጋ። እኔ ይህን ስደምርና ስቀንስ ማረሱ ይሻላል የሚል ነው የታየኝ። በትንሹ፣ ግን ይሻላል።

የጎተራው ሒሳብ ደግሞ ለብቻው ነው። ሚያዝያ ላይ የተሸጠው ስድስት ጆንያ ታኅሣሥ ላይ ቢሸጥ 414 ኪሎ በ30፣ 12,420 ብር ያመጣ ነበር። የመጣው 16,632 ነው። ሦስት ሦስት ኪሎ ቢቀንስም 4,212 ብር ጨመረ። ከእርሻው ከተረፈው 4,100 ይበልጣል፣ ለአራት ወር ዝም ብሎ ለቆመ ጆንያ። ታኅሣሥ ላይ የተሸጠው ስምንቱ እንደዚሁ ቢቆይ ኖሮ 22,176 ያወጣ ነበር። በ16,560 ነው የሄደው። ልዩነቱ 5,616።

ለምን ቸኮሉ? አበዳሪው በር ላይ ቆሟል። 9,000 ለእሱ፣ 4,200 ለአጫጆች፣ የቀረው ለገና። ስለዚህ የዚያ ብድር ዋጋ 1,000 ብር ብቻ አልነበረም። ርካሽ ሳምንት ላይ አስሸጥቷቸዋል። ለዕዳው ብቻ ወደ 300 ኪሎ ሩዝ ሄዷል፣ ከአራት ጆንያ በላይ። ይህን ከእርሻው ወጪ ላይ አልደመርኩትም፣ ምክንያቱም ዋጋ በየዓመቱ እንዲህ ይወጣል የሚል ዋስትና የለም። ከውጭ የሚገባ ሩዝ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሚያዝያም ታኅሣሥን ሊመስል ይችላል። ብቻ ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጓዳ የቆሙት አምስቱ ጆንያዎች አሁን በ45 ብር ወደ 14,600 ያወጣሉ። የዘንድሮን ማዳበሪያ ሳይበደሩ ይገዛሉ። አጎቴ ጓዳውን ዞር ብለው አዩትና ምንም አላሉም።

አንድ ነገር ግን መመለስ አልቻልኩም። አጎቴ ሲሸኙኝ «ሁለቱን ማከራየት ከሌለብኝ፣ አንዱን ባከራይስ? የታችኛውን?» አሉ። የታችኛው ቃዳ ወደ ሐይቁ የቀረበው ነው። ውኃ ይተኛበታል፣ አረሙም ይከፋል፣ የአራሚ ብር እሱ ላይ ነው የሚያልቀው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ደብተሩ 20 አራሚ ይላል እንጂ የትኛው ቃዳ ላይ እንደዋሉ አይልም። ጆንያውም አውድማው ላይ ተደባልቋል። የላይኛው ብዙ ሰጥቶ የታችኛው እየበላው ሊሆን ይችላል፣ ተቃራኒውም ይሆናል። ከድምሩ ውስጥ ይህንን የሚያወጣ ዘዴ የለም።

ልጅቷ አዲስ ደብተር አምጥታ በማስመሪያ ገጹን ለሁለት ከፈለችው። ከላይ «የላይኛው»፣ «የታችኛው» ብላ ጻፈች። ለአራሚ፣ ለማዳበሪያ፣ ለጆንያ እየለየች መስመር አሰመረች። ጆንያውን ከአውድማ ሲገባ ለየብቻው እንድትቆጥር፣ ከየክምሩ ሦስት ሦስቱን መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ እንድታስመዝን ተስማማን። አጎቴ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«ጌሾውን የትኛው ላይ ነው የምትጽፊው?» አሏት።

እትዬ ከጓዳ «በየትኛውም አትጻፊው» አሉ። «ዘንድሮ ሙሉውን ለማኅበር ነው።»